«በርቱ» በእንግሊዝኛ ኢሜይል

ጥያቄ፦ ገንዳ ውሃ በሚገኝ የሰሊጥ ንግድ ድርጅት እሠራለሁ። ለውጭ አገር ገዢ በእንግሊዝኛ ስጽፍ «እንዴት አደሩ?» እና «በርቱ» የሚሉትን ቃል በቃል ተረጎምኳቸው። ገዢው «ስለ እኔ የሰሙት ነገር አለ?» ብሎ መለሰልኝ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ገዢውን ያሳሰበው «በርቱ» ሳይሆን አይቀርም። እኛ በሥራ ላይ ላለ ሰው በደስታ እንለዋለን። እንግሊዝኛው «ቢ ስትሮንግ» ግን ብዙ ጊዜ ሐዘን ለደረሰበት ወይም ለታመመ ሰው የሚባል ነው፤ ስለዚህ መጥፎ ወሬ የሰሙ መስሎት ይሆናል። «እንዴት አደሩ?» ደግሞ በእኛ ዘንድ መልሱ የታወቀ ሰላምታ ነው፤ በቀጥታ ሲተረጎም ግን ስለ ሰውዬው ሌሊት የሚጠይቅ ይሆናል። ደብዳቤው ማታ ሊነበብ እንደሚችልም አይርሱ!

በመክፈቻው «አይ ሆፕ ዩ አር ዌል» ይበቃል። የቤተሰብን ደኅንነት መጠየቁ ቅርበት ሲፈጠር ይደርሳል። ወዲያው ወደ ጉዳይዎ ይግቡ፦ የሰሊጡ ናሙና መቼ እንደተላከ፣ ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸና። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» በሚሉበት ቦታ «ታንክ ዩ» ብለው የሚያመሰግኑበትን ነገር ይጥቀሱ፤ ለምሳሌ ፈጥነው ስለመለሱ። በመዝጊያው «በርቱ»ን ትተው «ካይንድ ሪጋርድስ» ይጻፉ። ቀዝቃዛ ሊመስልዎ ይችላል፤ ለእነሱ ግን ሙሉ አክብሮት ነው።

ለአሁኑ ገዢ ስለ «በርቱ» «የአገራችን የስንብት ሰላምታ ነው» የሚል አንድ መስመር ይላኩለት። ዋጋን፣ መጠንን ወይም የማስረከቢያ ቀንን የሚያጸድቅ ኢሜይል ግን እንደ ውል ሊቆጠር ስለሚችል፣ ከመላክዎ በፊት የውጭ ንግድ ውል የሚያውቅ ጠበቃ ያሳዩ።