ስቡ ይውረድ፣ ጡንቻው ይቆይ

ጥያቄ፦ ሲኒማ ራስ አካባቢ ሱቅ አለኝ። እንጀራ ቀንሼ 82 ኪሎ ደርሻለሁ፤ 72 መግባት እፈልጋለሁ። ግን ድሮ በቀላሉ የማነሳው ጆንያ ከብዶኛል። ፕሮቲን ጨምር ይሉኛል፤ በቀን ስንት ግራም?

መልስ፦ የወረደው ስብ ብቻ አይመስለኝም። ሰውነት ከሚያቃጥለው ያነሰ ምግብ ሲያገኝ ከስቡ ጋር ጡንቻውንም ያፈርሳል፤ የጉልበትዎ መድከም አንዱ ምልክት ነው። በቂ ፕሮቲን ይህን ይቀንሳል፣ ጥጋብንም ያቆያል። ጆንያውን ማንሳትም አይተዉ፤ የማይሠራ ጡንቻ በፕሮቲን ብቻ አይተርፍም።

ስሌቱ ለአንድ ኪሎ 1.6 ግራም ነው። የስብ ክምችት ብዙ ፕሮቲን ስለማይፈልግ፣ ሊደርሱበት ባሰቡት ክብደት ያባዙ፦ 72 ሲባዛ በ1.6፣ 115 ግራም ገደማ። ይህ የንጥረ ነገሩ እንጂ የምግቡ ክብደት አይደለም፤ 100 ግራም ጥሬ ቀይ ሥጋ ውስጥ ያለው ፕሮቲን 20 ግራም ያህል ነው።

በፍስክ ቀን ሦስት እንቁላል 18፣ 150 ግራም ቀይ ሥጋ 30፣ ግማሽ ሊትር ወተት 16፣ ከ100 ግራም ደረቅ ምስር የተሠራ ወጥ 24 ይሰጥዎታል። ድምሩ 88 ነው፤ ቀሪውን እንጀራውና አንድ ሁለት እፍኝ የሽምብራ ቆሎ ይሞላሉ።

የሚያስቸግረው ጾም ነው። ቀጭን ሽሮ ብዙ ውኃ ነው፤ 40 ግራም የሽሮ ዱቄት 8 ግራም ያህል ፕሮቲን ብቻ አለው። ስለዚህ በጾም እንጀራውን ቀንሰው ምስሩንና ባቄላውን ያብዙ፤ 115 ባይሞላ እንኳ 85 አካባቢ ይያዙ፣ ክብደቱንም ቀስ ብለው ይቀንሱ። ኩላሊትዎን የሚያምዎት ከሆነ ግን ከሐኪም ሳይማከሩ ፕሮቲን አይጨምሩ።