«እስከ ምን ድረስ?» ለሚል ጥያቄ ብያኔ እንጂ ዝርዝር መልስ አይሆንም

በሀያትስቪልና በዙሪያዋ ባሉ የሜሪላንድ ከተሞች የሚማሩ የኢትዮጵያውያን ልጆች በሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸው ደጋግመው ከሚገጥሟቸው የፈተና ጥያቄዎች አንዱ «እስከ ምን ድረስ?» የሚለው ነው። ኤፒ እየተባለ በሚጠራው የኮሌጅ ደረጃ የታሪክ ፈተና ጥያቄው «ይህ ነገር እስከ ምን ድረስ እንደሆነ መዝን» በሚል ትእዛዝ ይቀርባል። በአዲስ አበባ የዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችም ከዚሁ ጥያቄ አያመልጡም። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ብዙ እውቀት ያለው ተማሪ እንኳ ነጥብ የሚያጣበት ግን ነው። ስሕተቱ የሚፈጠረው የተጠየቀው መጠን ሆኖ ሳለ የሚመለሰው ዝርዝር በመሆኑ ነው።

ነገሩን በሁላችንም ልብ ቅርብ በሆነ ጉዳይ እንመልከተው። ጥያቄው ይህ ነው እንበል፦ «የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የአገሪቱን የኤሌክትሪክ ኃይል ችግር እስከ ምን ድረስ ይፈታል?»

አንድ ተማሪ እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦ ግድቡ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ በአፍሪካ ትልቁ የውሃ ኃይል ማመንጫ ነው፤ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ወጪው በአብዛኛው በአገር ውስጥ ገንዘብ ተሸፈነ። አራቱም እውነት ናቸው። ይሁን እንጂ አንዳቸውም ችግሩ ምን ያህል እንደሚፈታ አይናገሩም። የግድቡን ታላቅነት ያስረዳሉ፤ የችግሩን መጠን ግን አልነኩትም። ሌላው ተማሪ ደግሞ ሦስት ጥቅምና ሦስት ጉድለት ጎን ለጎን ደርድሮ «ስለዚህ ጥቅምም ጉዳትም አለው» ብሎ ይዘጋል። ይህኛው ሚዛናዊ ይመስላል፤ ነገር ግን ሚዛኑን አንሥቶ የትኛው ወገን እንደሚከብድ አላየም።

ትክክለኛው ሥራ የሚጀምረው «ችግር» የሚለውን ቃል በመፈታት ነው። የኤሌክትሪክ ኃይል ችግር አንድ ነገር አይደለም። መሐንዲሶች ሥርዓቱን በሦስት ይከፍሉታል፦ ማመንጨት፣ ማስተላለፍና ማከፋፈል። ኃይሉ ከተርባይኑ ይወጣል፤ በከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ረጅም ርቀት ይጓዛል፤ ከዚያም በማከፋፈያ ጣቢያ፣ በሰፈር ትራንስፎርመርና በቆጣሪ በኩል ቤት ይገባል። ጥያቄው ለሦስቱም በተናጠል ሲቀርብ መልሱ ይለያያል። «እስከ ምን ድረስ» የሚለው ቃል ትርጉም የሚያገኘውም በዚህ ልዩነት ነው።

በማመንጨት በኩል ያለው ማስረጃ ጠንካራ ነው። ግድቡ የአገሪቱን የማመንጨት አቅም ወደ እጥፍ ያደርሰዋል። ከመጠኑም ባሻገር የቦታው ልዩነት ዋጋ አለው። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ ሦስት ግድብ ውሃ በመቀነሱ መንግሥት ኃይል በፈረቃ ለማዳረስ ተገድዶ ነበር። ጊቤ ሦስት በኦሞ ወንዝ ላይ ያለ ሲሆን የሕዳሴው ግድብ በዓባይ ላይ ነው። አንዱ ተፋሰስ ሲደርቅ ሌላው ሊሸፍን ይችላል፤ ድርቁ ሁለቱንም ከመታ ግን መድኅኑ ይላላል። ስለዚህ ለዚህኛው ክፍል መልሱ «በከፍተኛ ደረጃ» ነው።

ቀጥሎ ተቃራኒው ማስረጃ ይመጣል፤ እዚህ ላይ ቁጥሩን ማብሰል ያስፈልጋል። ግድቡ በዓመት ያመነጫል ተብሎ የታቀደው ወደ 15,700 ጊጋዋት ሰዓት ነው። ይህን ለ120 ሚሊዮን ሕዝብ ብናካፍል ለአንድ ሰው በዓመት 131 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይደርሰዋል። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይህን ያህል ኃይል ከ40 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። እዚህ አሜሪካ አንድ ቤተሰብ በአማካይ የሚጠቀመው በዓመት ከ10,000 ኪሎዋት ሰዓት በላይ በመሆኑ፣ ያ መጠን ለአምስት ቀን እንኳ አይበቃውም። «5,150» የሚለው ቁጥር ብቻውን ሲነበብ ታላቅ ነው፤ በሕዝቡ ብዛት ሲካፈል ግን ሌላ መልክ ይይዛል። አንድ ቁጥር ማስረጃ የሚሆነው ከሚለካው ነገር ጋር ሲነጻጸር ብቻ ነው።

በማከፋፈል በኩል ደግሞ ከሕዝቡ ግማሽ የሚጠጋው ኤሌክትሪክ እንዳልደረሰው እንመለከታለን። ከግድቡ በደዴሳ በኩል ወደ ሆለታ የሚሄደው ባለ 500 ኪሎቮልት መስመር ኃይሉን ወደ መሐል አገር ያደርሳል። ከዋናው መስመር ርቆ ላለ ቀበሌ ግን ተርባይን መጨመር ብቻውን ብርሃን አይሆነውም፤ የጎደለው ምሰሶ፣ ሽቦና ትራንስፎርመር ነውና። በከተማም ቢሆን የሰፈር ትራንስፎርመር ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ሲቃጠል መብራት ይጠፋል፤ ግድቡ ሞልቶም ቢሆን።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል፦ «ኃይል ከሌለ ሽቦ ምን ይሠራል? ስለዚህ ግድቡ የችግሩን ሥር ነቅሏል።» ይህን ተቃውሞ መዝለል ጽሑፉን ያዳክመዋል። ተገቢው መልስ የእውነቱን ድርሻ ተቀብሎ ወሰኑን ማሳየት ነው። ማመንጨት አስፈላጊ ነው፤ በራሱ በቂ ግን አይደለም። ከዚህም በላይ ለጎረቤት አገሮች ከሚሸጠው ኃይል የሚገኘው የውጭ ምንዛሪ ለማከፋፈያ መስመር ግንባታ ከዋለ፣ የግድቡ ድርሻ ከዓመት ዓመት ከፍ ሊል ይችላል።

አሁን ብያኔው ሊጻፍ ይችላል፦ «ግድቡ የማመንጨት እጥረትን በከፍተኛ ደረጃ ያቃልላል፤ የመብራት መቆራረጥን በከፊል ይቀንሳል፤ ኤሌክትሪክ ላልደረሳቸው ቤቶች ግን ብቻውን የሚያመጣው ለውጥ ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም የእነርሱ ችግር ከምንጩ ይልቅ በመንገዱ ላይ ነው።» በዚህ አረፍተ ነገር ውስጥ ደረጃ አለ፣ ምክንያት አለ፣ ወሰንም አለ። በኤፒ የታሪክ ፈተና ጥያቄውን በሌላ ቃል መድገም የመከራከሪያ ሐሳቡን ነጥብ አያስገኝም፤ አቋሙ የክርክሩን መሥመር ማሳየት አለበት። ከላይ ያለው ብያኔ ይህን ያሟላል፤ በመግቢያው ላይ ሊቀመጥና ቀጣዮቹ አንቀጾች አንድ በአንድ ሊያስረዱት ይችላሉ።

አንድ ጽሑፍ ዝርዝር ይሁን ብያኔ ለመለየት ቀላል ፍተሻ አለ። የተቃራኒውን ወገን አንቀጽ በእጅ ሸፍኖ መደምደሚያውን እንደገና ማንበብ ነው። መደምደሚያው ምንም ሳይለወጥ የሚቆም ከሆነ ያ አንቀጽ ለጌጥ ብቻ ገብቷል ማለት ነው። ከላይ በተሰጠው ብያኔ ግን ስለ ማከፋፈል የተባለውን ብንሸፍን «ጥቂት» የሚለው ቃል መሠረት ያጣል፤ ስለ ማመንጨት የተባለውን ብንሸፍን ደግሞ «በከፍተኛ ደረጃ» የሚለው ይወድቃል። ሁለቱም ወገኖች ክብደት ይዘው በፍርዱ ውስጥ ገብተዋል።

በመጨረሻ አንድ ጥንቃቄ፤ «በከፊል» የሚለው ቃል መሸሸጊያ ሊሆን ይችላል። ተማሪው በጻፈው ቁጥር «የትኛው ክፍል ነው?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። በዚህ ምሳሌ የመብራት መቆራረጥ «በከፊል» ይቀንሳል የተባለው፣ በውሃ እጥረት የሚመጣውን ፈረቃ ግድቡ ስለሚያቃልልና የተቃጠለውን ትራንስፎርመር ግን ስለማይጠግን ነው። ክፍሉ በስም ሲጠራ ቃሉ መጠን ይሆናል፤ ሳይጠራ ከቀረ ግን ጥያቄው አልተመለሰም።