አይገንቫሊዩ ሲደጋገም፦ ሲሜትሪክ ማትሪክስን ዲያጎናል ማድረግ

ረድፎቹን አምድ ብናደርጋቸው መልኩ የማይለወጥ ማትሪክስ ሲሜትሪክ ይባላል። ቁጥሮቹ ሪል ከሆኑ፣ የስፔክትራል ቲዎረም አይገንቫሊዩዎቹም ሪል እንደሆኑና እርስ በርስ ቀጤ ነክ የሆኑ በቂ አይገንቬክተሮች እንደሚገኙለት ያረጋግጥልናል። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት አንድ አይገንቫሊዩ ሲደጋገም ነው፤ እንዲህ ያለውን እንሥራ።

```
    2 1 1
A = 1 2 1
    1 1 2
```

ደረጃ 1፦ አይገንቫሊዩዎቹን ማውጣት። det(A − λI) = (4 − λ)(1 − λ)² ስለሆነ 4 አንድ ጊዜ፣ 1 ሁለት ጊዜ ይመጣል። ድምራቸው 6 ነው፤ የዲያጎናሉም ድምር 2 + 2 + 2 = 6። እነዚህ ካልተስማሙ ወደፊት አይቀጠልም፤ ስሌቱ ስህተት አለበት።

ደረጃ 2፦ አይገንቬክተሮቹን መፈለግ። ለ4 u = (1, 1, 1) ይገኛል። ለ1 የሚቀረን እኩልታ x + y + z = 0 ብቻ ነው፤ ከእሱ a = (1, −1, 0) እና b = (1, 0, −1) እንውሰድ።

u ለሁለቱም ቀጤ ነክ ነው፤ ይህም ያለ እኛ ድካም የመጣ ነው። ማትሪክሱ ሲሜትሪክ በመሆኑ Au·a እና u·Aa እኩል ናቸው። የመጀመሪያው 4(u·a)፣ ሁለተኛው 1(u·a) ነው፤ ሁለቱ እኩል የሚሆኑት u·a ዜሮ ሲሆን ብቻ ነው። a እና b ግን የአንድ አይገንቫሊዩ ስለሆኑ ይህ ምክንያት አይሠራላቸውም፤ a·b = 1 ነው። ብዙዎች ይህን ሳያዩ ያልፉታል።

ደረጃ 3፦ ማቃናት። b በa ላይ የሚጥለውን ጥላ ከb እንቀንስ፦ b − ½a = (½, ½, −1)። በ2 ስናበዛው c = (1, 1, −2) ይሆናል። Ac ራሱን cን ስለሚሰጥ አይገንቬክተርነቱ አልጠፋም።

ደረጃ 4፦ Qን መገንባት። u, a, cን ለየርዝመታቸው √3, √2, √6 አካፍለን የQ አምዶች እናደርጋቸዋለን። QᵀQ = I መሆኑን እንፈትሽ፤ ከዲያጎናሉ ውጭ ዜሮ ያልሆነ ቁጥር ከታየ ደረጃ 3 ተዘሏል ወይም ተሳስቷል። ከተስተካከለ QᵀAQ ዲያጎናሉ ላይ 4, 1, 1ን፣ ሌላው ቦታ ዜሮ ይሰጣል።

የቲዎረሙ ትርጉም አሁን በዓይን ይታያል። v = (3, 0, 0)ን በu አቅጣጫ (1, 1, 1) እና ለu ቀጤ ነክ በሆነው ጠለል ላይ (2, −1, −1) አድርገን እንክፈለው። A የመጀመሪያውን በ4 ያበዛል፣ ሁለተኛውን እንዳለ ይተወዋል፤ ድምሩ (6, 3, 3) ነው፤ Avን በቀጥታ ብናሰላም ያው ነው። ጠለሉ ላይ a እና cን ትተን ሌላ ቀጤ ነክ ጥንድ ብንመርጥ Q ይለወጣል፤ ይህ አከፋፈል ግን አይለወጥም። A¹⁰ም ቢሆን የመጀመሪያውን ክፍል በ4¹⁰ = 1,048,576 ያበዛል፣ ሁለተኛውን አሁንም አይነካውም።