ከመፈረምሽ በፊት አንድ ስልክ

አንዲት የአማን ልጅ እናስብ። ከሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቃ ሦስት የቡና ወቅት በጥራት ተቆጣጣሪነት ሠርታለች፤ ደመወዟ ሳይጣራ 14,000 ብር ነው። ነሐሴ 18 ቀን ቴፒ ላይ እሸት ቡና መፈልፈያ ያለው አንድ ላኪ ድርጅት ጠርቶ "ወስደንሻል" አላት። ደመወዝ 18,000 ብር፤ የዓመት ፈቃድ በሕጉ መሠረት፤ ሥራ የሚጀመረው መስከረም 1፤ ሥልጠና "እንደ አስፈላጊነቱ"።

ብዙዎቻችን እዚህ ላይ እስክሪብቶ እንጠይቃለን። እሷ ግን "በጣም አመሰግናለሁ፤ ሥራውን እፈልገዋለሁ። ደብዳቤውን ረጋ ብዬ አንብቤ ነገ ከሰዓት ልደውልልዎ" ብላ ወጣች። እሰይ! ድርጅቱ ከአመልካቾቹ መካከል እሷን መርጦ ጨርሷል፤ እሷ ግን ገና አልፈረመችም። ከዚህች ቀን የተሻለ የመደራደሪያ ጊዜ አይመጣላትም።

ማታ ቤቷ ቁጭ ብላ መጀመሪያ የሠራችው ሒሳብ ነው። ከ2017 ዓ.ም. ማሻሻያ ወዲህ ባለው የግብር ሠንጠረዥ ከ14,000 ብር በላይ ያለው የደመወዝ ክፍል 35 በመቶ ይቆረጥበታል፤ የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ አለ። ከ18,000 ብር ላይ ግብሩ 4,250፣ ጡረታው 1,260 ብር ሲወጣ እጇ የሚገባው 12,490 ብር ነው። አሁን የሚደርሳት 10,170 ብር ነው፤ ስለዚህ በወረቀት 4,000 የመሰለው ጭማሪ በኪስ 2,320 ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ በላይ የምትጠይቀው እያንዳንዱ 1,000 ብር ለእሷ 580 ብር ብቻ ያስገባላታል፤ አሠሪውን ደግሞ የራሱ 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ተጨምሮ 1,110 ብር ያስወጣዋል። በእኔ ግምት የድርድሩ ቁልፍ እዚህ ነው። ብር አትጠይቂ ማለቴ አይደለም፤ ጠይቂ። ነገር ግን ብሩ ላይ ብቻ ከተንጠለጠልሽ በጣም ውድ በሆነበት ቦታ ላይ እየተከራከርሽ ነው። ፈቃድ፣ የመጀመሪያ ቀንና ሥልጠና ለአሠሪው ርካሽ፣ ለሠራተኛው ግን ውድ የሚሆኑበት ጊዜ ብዙ ነው።

ፈቃዱን እንይ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። "በሕጉ መሠረት" የሚለው ሐረግ ግን ሁለት ነገር ሸፍኗል። አንደኛ፣ ቀድሞ የሠራችው ሦስት ዓመት በአዲሱ ቤት አይቆጠርላትም፤ ከ16 ትጀምራለች። ሁለተኛውና የሚብሰው፣ የመጀመሪያው ፈቃድ የሚሰጠው አንድ ዓመት ካገለገለች በኋላ ነው። እህቷ የምትዳረው ደግሞ በጥር ነው! ሳትጠይቅ ብትፈርም ኖሮ ለሠርጉ የምትለምነው አለቃዋን ነበር። በጥር የቴፒ ቆላ ለቀማ አብዛኛው ስላለቀ መፈልፈያው ጋብ ይላል፤ አምስት ቀን ብትቀር የሚጎዳ ሰው የለም። ስለዚህ የጠየቀችው "ብዙ ፈቃድ" ሳይሆን ከመጀመሪያው ዓመት ፈቃዷ አምስቱን በጥር በቅድሚያ መውሰድን ነው። በምላሹም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ፈቃድ እንደማትጠይቅ ራሷ አቀረበች።

የመጀመሪያው ቀን ላይ መከራከሪያዋ ራሱ ሕጉ ነው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ ሳይሰጥ ቢሄድ እስከ 30 ቀን ደመወዙ ካሳ ሊጠየቅ ይችላል። ነሐሴ 20 ደብዳቤ ብታስገባ ወሩ የሚሞላው መስከረም 15 ነው። መስቀል 17 ላይ ነውና ለመስከረም 18 ጠየቀች። ሥራ አስኪያጁ የሚፈራው ግን እሸት ቡና መግባት ሲጀምር መፈልፈያው ያለ ተቆጣጣሪ እንዳይቀር ነው። ስለዚህ ቀኑን ገፍታ ዝም አላለችም፤ በሁለት የዕረፍት እሑዶች ከአማን ቴፒ ወርዳ ማሽኑንና የመፍሊያ ገንዳዎቹን ለማየት ቃል ገባች።

ሥልጠናው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚታለልበት ነውና። "እንደ አስፈላጊነቱ" ማለት ብዙ ጊዜ "አይኖርም" ማለት ነው። ስለዚህ የቡና ቅምሻ ሥልጠና፣ ከየካቲት በፊት፣ በድርጅቱ ወጪ ብላ በስምና በጊዜ ጠየቀች። አሠሪዎች እንዲህ ሲባሉ የግዴታ ውል ያቀርባሉ፤ ይህን ያህል ዓመት ካላገለገልሽ ወጪውን ትመልሻለሽ ይላል። ይህ ተገቢ ነው፤ ግን ሦስት ነገር ይፈተሽ። የሚመለሰው በደረሰኝ የወጣው ገንዘብ ብቻ ይሁን፤ ባገለገልሽው ወር ልክ ይቀንስ፤ ድርጅቱ ራሱ ካሰናበተሽ ዕዳው ይቅር። ይህ ካልተጻፈ የግዴታው ጊዜ ሊሞላ አንድ ወር ሲቀርሽ የወጣሽ እንደሆነ ሙሉውን ልትከፍዪ ነው።

በማግስቱ ደወለች። አራቱንም በአንድ ጊዜ አነሳች፤ ዛሬ ደመወዝ፣ ነገ ፈቃድ፣ ከነገ ወዲያ ሌላ እያሉ መቆራረጥ አሠሪን ያሰለቻል። እንዲህ ነበር ያለችው፦ "ስለ ደመወዙ፣ 22,000 ቢሆንልኝ እወዳለሁ። ባለፉት ሁለት ወቅቶች እኔ የተቆጣጠርኩት ቡና ሲመረመር ደረጃው ከፍ ብሏል፤ እዚህም የምሠራው ይህንኑ ነው።" ኑሮ ተወደደ፣ የቤት ኪራይ ናረ አላለችም። ይህ እውነት ቢሆንም ሥራ አስኪያጁም ኪራይ ይከፍላል። ደረጃው ከፍ ያለ ቡና ግን ለድርጅቱ ገንዘብ ነው። ተናግራም ዝም አለች። ያ ዝምታ ይጨንቃል፤ "ካልሆነም ግድ የለም" ብሎ ራስን ማውረድ የሚመጣው ያኔ ነውና መቻል ነው።

"22 አይሆንም፤ የደመወዝ ስኬላችን አይፈቅድም" አላት። "ታዲያ 20,000 ሆኖ የሙከራ ጊዜዬን ስጨርስ ቢታይልኝስ?" አለች። የሙከራ ጊዜ በሕጉ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ ከመስከረም 18 ሲቆጠር ኅዳር መጨረሻ ላይ ያልቃል፤ ያኔ ሥራዋ በዓይን ይታያል። በ20,000 ተስማሙ፤ በእጅ 13,650 ብር። የጥር ፈቃዷም፣ የመስከረም 18 ቀኑም ተፈቀደላት፤ ሥልጠናውም ከአንድ ዓመት ተኩል ግዴታ ጋር።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን በግል ድርጅትና መሰል ተቋማት ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደመወዝ በደረጃ የተቆረጠ ስለሆነ የሰው ሀብት ባለሙያው ቢወድሽም አንዲት ብር አይጨምርልሽም፤ እዚያ የሚጠየቀው ሪፖርት የምታደርጊበት ቀን፣ የምትመደቢበት ቦታና የትምህርት ዕድል ነው። የግሉም ቢሆን "ያልነው ነው፤ ካልፈለግሽ ተዪው" ካለ መልስ ሰጥቶሻል። 18,000ው ካዋጣሽ ፈርሚ፤ በትሕትና በመጠየቅሽ ከተቆጣሽ ግን በለቀማ ወቅት ትርፍ ሰዓት ስትጠይቂ ምን እንደሚልሽ አስቢ።

ልጅቷ ወደ ቴፒ ወርዳ ውሉን ስታነብ የጥር ወር አምስት ቀንና የሙከራው መጨረሻ የደመወዝ ግምገማ አልተጻፉም። ጸሐፊዋ "እሱማ ተነጋግራችሁ የለ?" አለቻት። "አዎ፤ እንዳንረሳው ይጻፍልኝ" ብላ ሳቀች። እንደገና ታትሞ መጣ። ነሐሴ 20 ጠዋት የመልቀቂያ ደብዳቤዋን በሁለት ቅጂ ይዛ አማን ወደሚገኘው የቀድሞ መሥሪያ ቤቷ ገባች፤ አንዱን መዝገብ ቤት ትታ፣ ቀንና ማኅተም ያረፈበትን ሌላውን ቅጂ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።