ስለ ታሪፍ ምደባ ውሳኔ አነባበብ፤ በመኪና መለዋወጫ ምሳሌነት

ከውጭ አገር የሚገባ ዕቃ ቀረጡ የሚታሰበው በታሪፍ መጽሐፍ በተሰጠው ቁጥር መሠረት ነው። ቁጥሩን በዲክላራሲዮን ላይ የሚጽፈው ባለዕቃው ወይም ስለ እርሱ ሆኖ የሚሠራው የጉምሩክ አስተላላፊ ሲሆን፣ የጉምሩክ መሥሪያ ቤት በተጻፈው ቁጥር ያልተስማማ እንደ ሆነ ምክንያቱን ጠቅሶ የምደባ ውሳኔ ይሰጣል። ብዙ ሰው ይህን ውሳኔ የሚያነበው ከመጨረሻው፣ ማለት ከሚከፈለው ገንዘብ ጀምሮ ነው። ነገር ግን ገንዘቡ የተገኘው ከቁጥሩ፣ ቁጥሩም የተገኘው ከታሪፉ ማስታወሻ ስለ ሆነ፣ ማስታወሻውን ያላነበበ ሰው ውሳኔውን በሚገባ ሊቀበለውም ሊቃወመውም አይችልም።

ቁጥሮቹ የተመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1983 በብራስልስ በጸደቀውና ከ1988 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው፣ ሐርሞናይዝድ ሲስተም በሚባለው ዓለም አቀፍ የዕቃዎች ስያሜና ቁጥር አሰጣጥ ሥርዓት ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ምዕራፉን፣ አራቱ አንቀጹን፣ ስድስቱ ንዑስ አንቀጹን ያመለክታሉ። እስከ ስድስተኛው አኃዝ ድረስ ቁጥሩ በስምምነቱ አባል አገሮች ሁሉ አንድ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን እያንዳንዱ አገር ለራሱ ይጨምራል። ምዕራፎቹ በ21 ክፍሎች ተሰብስበዋል። በየክፍሉና በየምዕራፉ መግቢያ የሰፈሩት ማስታወሻዎች እንደ አንቀጾቹ ሁሉ የሕግ ኀይል አላቸው። የአተረጓጎም ደንብ ቁጥር 1 እንደሚያዝዘው፣ የክፍልና የምዕራፍ ርእስ ለመፈለጊያ ያህል ብቻ የሚያገለግል ሲሆን፣ ምደባው የሚወሰነው በአንቀጹ ቃልና በማስታወሻዎቹ ነው።

ይህን ለመረዳት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ነጋዴ የጭነት መኪና መለዋወጫ በጅቡቲ በኩል አስመጥቶ ዕቃው ድሬዳዋ ደረሰ እንበል። በሣጥኖቹ ውስጥ የፍሪሲዮን ዲስክ፣ የጎማ ኩሽኔታ፣ የብረት ባሌስትራና የሞተር ዘይት ፊልትሮ ይገኛሉ። አስተላላፊው አራቱንም «የመኪና ክፍሎች» ብሎ በአንድ መስመር፣ በንዑስ አንቀጽ 8708.99 አስመዘገባቸው። የጉምሩክ ውሳኔ ግን አራቱን በአራት ቁጥር ለያያቸው፤ በ87.08 ውስጥ የቀረውም የፍሪሲዮን ዲስኩ ብቻ ነበር። አስተላላፊው ሣጥኑን ይዞ ወደ ምደባ ሹሙ ቀረበና፣ «ጌታዬ፣ ይህ ኩሽኔታ የዚህ መኪና እንጂ የሌላ አይደለም፤ የመኪናው ስምና የክፍሉ ቁጥር በሣጥኑ ላይ ታትሞ ይታያል» ሲል አመለከተ።

ሹሙም የታሪፉን ክፍል 17 ገልጦ ማስታወሻ 2ን አሳየው። ይህ ማስታወሻ «ክፍሎች» የሚለው ቃል የማይመለከታቸውን ዕቃዎች ይዘረዝራል፤ ዝርዝሩም የሚጀምረው እነዚህ ዕቃዎች ለተሽከርካሪ የተሠሩ መሆናቸው ተለይቶ ቢታወቅም ባይታወቅም ከክፍልነት የወጡ መሆናቸውን በመግለጽ ነው። «እንግዲህ በሣጥኑ ላይ የተጻፈው እውነት መሆኑን ማንም አልካደም» አለው ሹሙ፤ «ሆኖም ማስታወሻው ይህን አስቀድሞ ዐውቆ ዋጋ አሳጥቶታል። እርስዎ የሚያስረዱት ነገር ውሳኔውን ሊለውጠው የማይችለው ስለዚህ ነው።»

ቀጥሎም አንድ ዕቃ በ87.08 ለመመደብ ሦስት ጥያቄዎችን በተራ ማለፍ እንዳለበት አስረዳው። አንደኛ፣ በማስታወሻ 2 ከክፍልነት የወጣ ነውን? ሁለተኛ፣ በማስታወሻ 3 እንደ ተነገረው፣ ለተሽከርካሪዎቹ ብቻ ወይም በዋናነት የሚያገለግል ነውን? ሦስተኛ፣ በሌላ አንቀጽ ይበልጥ ተለይቶ የተጠራ ነውን? በመጀመሪያው ጥያቄ የወደቀ ዕቃ ወደ ሁለተኛው አይደርስም። አስተላላፊው ስሕተት ላይ የወደቀው ሁለተኛውን ጥያቄ ብቻ በመመለሱ ነው።

ኩሽኔታው በማስታወሻ 2 በአንቀጽ ቁጥሩ፣ ማለት በ84.82፣ ተጠርቶ ወጥቷል። የዘይት ፊልትሮውም ማስታወሻው ከሚያስወጣቸው ከ84.01 እስከ 84.79 ካሉት መሣሪያዎች መካከል ስለ ሆነ፣ ወደ 8421.23 ይሄዳል። ባሌስትራው የሚወጣው በአንድ ተጨማሪ እርምጃ ነው። ማስታወሻ 2 ለጠቅላላ አገልግሎት የሚውሉ የብረታ ብረት ክፍሎችን ሲያስወጣ፣ ትርጓሜያቸውን ለማግኘት ወደ ክፍል 15 ማስታወሻ 2 ይመራል፤ በዚያም የብረታ ብረት ሞላዎችና የሞላ ቅጠሎች ተጠቅሰዋል። ስለዚህ የብረት ባሌስትራ ቁጥሩ 7320.10 ይሆናል። የፍሪሲዮን ዲስኩ ግን በማስታወሻው ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ለተሽከርካሪ ብቻ ያገለግላል፤ በ87.08 ውስጥም ፍሪሲዮንና ክፍሎቹ በ8708.93 በስም ተጠርተዋል። ስለ ሆነም «ሌሎች» ወደሚለው ወደ 8708.99 የሚወርድበት ምክንያት የለም።

የማስታወሻው አሳብ ለመረዳት የሚያስቸግር አይደለም። ኩሽኔታ በወፍጮም፣ በውሃ ፓምፕም፣ በመኪናም ይገባል። በሣጥኑ ጽሑፍ የሚመደብ ቢሆን ኖሮ አንድ ዐይነት ዕቃ በየሣጥኑ የተለያየ ቀረጥ ይከፈልበት ነበር። ስለዚህ ሥርዓቱ እንዲህ ያሉትን ዕቃዎች በየራሳቸው አንቀጽ ሰብስቦ፣ ለየትኛውም መኪና ቢሠሩ ከዚያ እንዳይወጡ አድርጓል።

ሦስተኛው ጥያቄ ደግሞ በፍሪሲዮንና በፍሬን ሸራ ላይ በግልጽ ይታያል። አንቀጽ 68.13 የሚይዘው በሌላ አካል ላይ ያልተገጠመውን ሸራ ነው። ሸራው በብረት ዲስክ ወይም በፍሬን ጫማ ላይ ተገጥሞ የመጣ እንደ ሆነ ወደ 87.08 ይመለሳል። ስለዚህ በደረሰኝ ላይ «ሸራ» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ የተገጠመ ወይም ያልተገጠመ መሆኑ ሊገለጥ ይገባል።

ውሳኔን የሚያነብ ሰው አስቀድሞ መመልከት ያለበት የዕቃውን መግለጫ ነው። ከምን እንደ ተሠራ፣ ምን እንደሚሠራ፣ ተገጥሞ ወይም ለብቻው እንደ መጣ በትክክል ተጽፎ እንደ ሆነ ይመርምር። ከዚያ በኋላ የተጠቀሰውን ማስታወሻ ከመጽሐፉ አውጥቶ ቃሉን ያስተያይ። መግለጫው የተሳሳተ ከሆነ፣ ለምሳሌ በዲስኩ ላይ የተገጠመው ሸራ ያልተገጠመ ተብሎ ከተጻፈ፣ አቤቱታው መሠረት አለውና ናሙናውን አያይዞ በሕግ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ያቅርብ። መግለጫው ትክክል ሆኖ ማስታወሻውም ዕቃውን በስሙ የሚያስወጣ ከሆነ ግን፣ ክርክሩ ዕቃውን በመጋዘን ከማስቆየትና የማከማቻ ኪራይ ከመጨመር በቀር የሚያስገኘው ነገር የለም።

የቈየ ውሳኔ በእጁ ያለ ሰውም ውሳኔው በየትኛው የሥርዓቱ እትም ዘመን እንደ ተሰጠ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው እትም ፍሬም ያለው የመኪና መስታወት 8708.22 የሚል የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ከዚያ በፊት የተሰጠ ውሳኔ ይህን ቁጥር ሊይዝ አይችልም። እንዲሁም ውሳኔ የሚያገለግለው በውስጡ ለተገለጠው ዕቃ እንጂ በስም ለሚመሳሰለው ሁሉ አይደለም።

የምሳሌው አስተላላፊ ከዚህ ወዲያ ከነጋዴው የሚቀበለው ደረሰኝ «መለዋወጫ» የሚል አንድ ቃል የያዘ እንደ ሆነ ዲክላራሲዮን ከመሙላቱ በፊት መልሶ ዝርዝሩን መጠየቅ ይኖርበታል። አራቱን ዕቃዎች በአራት መስመር ከነቁጥራቸው ያስመዘግባል፤ የየአንዳንዳቸውንም ቀረጥ የሚፈልገው ቁጥራቸው ከተወሰነ በኋላ ነው። ቀረጡ በአንዱ ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ሊል ይችላል። ቀረጡን አስቀድሞ አይቶ ቁጥሩን በኋላ የሚመርጥ አስተላላፊ ግን የልዩነቱን ዕዳና መቀጫውን በደንበኛው ላይ ይጭናል።