ድምፅ ከሦስት ሳምንት በላይ ሲዘጋ፦ የአንዲት ድንች ነጋዴ ታሪክ

ከጉና ወገብ የሚወርደውን ድንች ደብረ ታቦር ገበያ የምትሸጥ አንዲት ሴት አለች እንበል። ታሪኳ የፈጠራ ነው፤ የተመረመረችበት መንገድ ግን የጉሮሮ ሐኪሞች ዘወትር የሚሠሩት ነው። ዕድሜዋ ወደ ሃምሳው ተጠግቷል። ከጋሳይ በኩል የሚመጣውን ድንች በማለዳ ትረከብና እስከ ማታ እየጮኸች ትሸጣለች። እንቅርት አላት፤ የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች ጀምሮ የነበረ ነው። እናቷም ነበራቸው፤ ንቅሳት ያጠፋዋል ተብሎ አንገታቸውን ዙሪያውን ተነቅሰው ነበር። የሷ አላመማትም፣ ሥራም አላስፈታትም፤ ስለዚህ እንደ በሽታ ቆጥራው አታውቅም።

በጥቅምት ድምፅዋ ሻከረ። ብርድ ነው ብላ ማርና ዝንጅብል ያዘች። አልሻል ሲላት ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዝታ ዋጠች። በኅዳር ሌላ ዙር ጨመረች። ጥር ሲገባ ድምፅዋ ትንፋሽ ብቻ ሆነ። ገዢ "ስንት ነው?" ይላል፤ መልሷን ሳይሰማ ወደ ጎረቤቷ መደብ ያልፋል። ውኃ ስትጠጣም ትን ይላት ጀመር።

አጠገቧ ሽንኩርት የምትሸጠው ልጅ ናት መጨረሻ ላይ የተናገረችው፦ "እትዬ፣ ይኼ ብርድ አይደለም። እንቅርትሽም እኮ አድጓል፤ ነጠላሽን ስታስሪ ይታየኛል።"

"በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነብኝ በይኛ!" አለች ነጋዴዋ። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄደች። በጥር የሰማችው፣ በኅዳር ቢደርሳት ኖሮ ይጠቅማት የነበረው ምክር ከዚህ በታች ያለው ነው።

1. ሳምንቱን ይቁጠሩ

ጉንፋን የዘጋው ወይም አንድ ቀን ብዙ በመጮህ የሻከረ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይመለሳል። ሦስት ሳምንት አልፎት ካልተመለሰ የሚያስፈልገው ሌላ መድኃኒት ሳይሆን ጉሮሮን በዓይን የሚያይ ሐኪም ነው። የድምፅ ጅማቶች ከምላስ ሥር ወደ ታች ስለሆኑ አፍ ከፍቶ በባትሪ በማየት አይታዩም። "ጉሮሮዬ ታይቷል፣ ምንም የለም ተብያለሁ" የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የታየለት ቶንሲሉ ነው።

አንቲባዮቲክ ለተራ የድምፅ መዘጋት አይረዳም። የነጋዴዋ ትልቁ ጉዳትም የመድኃኒቱ ዋጋ አልነበረም፤ እየታከምኩ ነው ብላ ሁለት ወር ማሳለፏ ነው። ማርና ዝንጅብል ጉሮሮን ያለሰልሳሉ፣ ምርመራ እስካላዘገዩ ድረስ ክፋት የላቸውም። እንጥል ማስቆረጥና አንገትን ማስተኮስ ግን ደም መፍሰስና ቁስል ከማምጣት በቀር ለድምፅ የሚያደርጉት ነገር የለም።

ሦስት ሳምንት የማይጠበቅባቸውም አሉ። አየር ሲስቡ ጉሮሮ የሚጮህ ከሆነ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተ ወይም ደም ከተተፋ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ይገባል። እንቅርት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቶሎ ካደገ፣ ሲነካ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ወይም አጠገቡ ሌላ እብጠት ከወጣ ደግሞ በዚያው ሳምንት ይታዩ።

2. በጤና ጣቢያ በኩል ይሂዱ

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ መነሻዎ ጤና ጣቢያ ነው። በደቡብ ጎንደር መድኑ አዲስ ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲጀመር ፎገራ ከሙከራ ወረዳዎቹ አንዷ ነበረች። የሚሸፍንልዎ ግን ደረጃውን ጠብቀው ሲሄዱ ነው። ድንገተኛ ሕመም ካልሆነ በቀር የሪፈር ወረቀት ሳይዙ ሆስፒታል የሚሄድ አባል ከኪሱ ለመክፈል ይገደዳል። ደብተሩ የዘንድሮ መዋጮ የተከፈለበት መሆኑንም ከቤት ሳይወጡ ይዩ።

ለሐኪሙ የሚነግሩትን አስቀድመው ያሰናዱ፦ መቼ ጀመረ፣ ይሻላል ይመለሳል ወይስ እየባሰ ነው፣ ሲውጡ ይይዛል ወይ፣ ሲተኙ ትንፋሽ ያጥራል ወይ፣ ክብደት ቀንሷል ወይ። የዋጡትን መድኃኒት ባዶ ማሸጊያ ይያዙ። ነጋዴዋ ድምፅ ስላልነበራት ልጇን አስከትላ ሄደች፤ ልጅቱም "ስትተኛ ታንኮራፋለች፣ ድሮ አታንኮራፋም ነበር" ስትል እናትየው ያላስተዋለችውን ነገረች።

3. በምርመራው ቀን የሚሆነው

ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል፣ ሆስፒታሉ ደግሞ ባሕር ዳር ወዳለ የአንገት በላይ ሐኪም ጻፈላት። በወረታ በኩል 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የገበያ ቀን ያልሆነ ቀን መርጣ ሄደች።

ሐኪሙ መጀመሪያ ከኋላዋ ቆሞ እንቅርቱን በጣቱ ዳሰሰ፣ ውኃ ጎንጭታ እንድትውጥ አደረገ። እንቅርት ስንውጥ አብሮ ከፍ ይላል፤ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ሐኪሙን ያሳስበዋል። ቀጥሎ አፍንጫዋ ውስጥ መረር የሚል የማደንዘዣ ርጭት ረጭቶ ጫፉ ላይ መብራት ያለው ቀጭን ቱቦ አስገባ። "ኢ በዪ" አላት። ቱቦው በሌለበት ቦታ ሐኪሙ ምላስን በፋሻ ይዞ በትንሽ መስታወት ያያል። ሁለቱም ከጥቂት ደቂቃ አያልፉም፤ ያስታውኩ ይሆናል እንጂ አያምሙም። ድንዛዜው እስኪለቅ አንድ ሰዓት ያህል ምግብም ውኃም አይቅመሱ፣ ትን ይላል።

የድምፅ ጅማቶች ሁለት ናቸው። ስንናገር መሀል ላይ ይገጥማሉ፣ ስንተነፍስ ይለያያሉ። የነጋዴዋ የቀኙ ይንቀሳቀሳል፤ የግራው ባለበት ቆሟል። መሀላቸው ክፍተት ስለሚቀር አየሩ ያመልጣል። ድምፅዋ ትንፋሽ የበዛበት፣ ዐረፍተ ነገር ሳትጨርስ የሚያልቅባት፣ ውኃም ትን የሚላት በዚህ ነው።

ጅማቶቹን የሚያንቀሳቅሱት ሁለቱ ነርቮች ከእንቅርቱ ዕጢ በስተጀርባ ያልፋሉ። ስለዚህ እንቅርት ያለበት ሰው ድምፁ ሲለወጥ "ከጩኸት ነው" ብሎ መተው አይቻልም። የግራው ነርቭ ደግሞ ረጅም ነው፤ ደረት ውስጥ ወርዶ ትልቁን የደም ሥር ዞሮ ይመለሳል። የደረት ራጅ የታዘዘላት ለዚህ ነበር፤ የሳንባ በሽታም የግራውን ጅማት ሊያቆም ይችላል። ራጁ ሳንባዋ ንጹሕ መሆኑን፣ የአየር ቧንቧዋ ግን በእንቅርቱ ወደ ቀኝ መገፋቱን አሳየ።

ከዚያ የአንገት አልትራሳውንድ፣ የዕጢውን ሥራ የሚለካ የደም ምርመራ እና በቀጭን መርፌ የሚወሰድ ናሙና ቀጠሉ። መርፌው ላይ ፈራች፤ "ከተነካ ይሰራጫል" ሲባል ሰምታለች። ናሙናው በዚህ ቀጭን መርፌ ሲወሰድ ካንሰርን ያሰራጫል ብሎ መፍራት አያስፈልግም። ናሙና ሳይወሰድ ቢቀር ግን ቀዶ ሐኪሙ ምን ያህል ማውጣት እንዳለበት ሳያውቅ ይገባል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ናሙና ይሰጥና ውጤቱን ሳይወስድ ይቀራል። ከላቦራቶሪው ሳይወጡ ውጤቱ የሚደርስበትን ቀንና የሚወስዱበትን ክፍል ያጽፉ።

4. ውጤቱን ይዞ መወሰን

ካንሰር አልተገኘባትም። ቢሆንም እንቅርቱ ቧንቧውን ስለገፋና ነርቩን ስለያዘ እንዲወጣ ተመከረች። እንቅርት ሁሉ በቀዶ ሕክምና አይወጣም፤ ትንሽ ሆኖ የማይጫን ከሆነ በክትትል መኖር ይቻላል።

ከቀዶ ሕክምና በፊት የድምፅ ጅማቶች መታየታቸውን ይጠይቁ። አንዱ ጅማት ቀድሞ ከቆመ፣ በቀዶ ሕክምናው ሌላውም ቢጎዳ መተንፈስ ራሱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ሐኪሙ ይህን ሲያውቅ ደኅና በሆነው ጎን ላይ የበለጠ ይጠነቀቃል። ዕጢው የሚወጣው በሙሉ ይሁን በከፊልም ይጠይቁ። ከወጣ በኋላ አንገት በድንገት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ፣ ጣትና ከንፈር ከነዘረ ነርስ ወዲያውኑ ይጠሩ፤ መንዘሩ የካልሲየም መቀነስ ምልክት ነው።

የነጋዴዋ ዕጢ በሙሉ ስለወጣ ሌቮታይሮክሲን የሚባለውን እንክብል ዕድሜ ልኳን ትወስዳለች። በባዶ ሆድ በውኃ ይዋጣል፤ ከቁርስም ከቡናም በፊት ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይጠበቃል። ቡና አብሮ ከተጠጣ መድኃኒቱ በደንብ አይገባም። በጾም ወቅት ለሚቸገር ከእራት ሦስት ሰዓት በኋላ ማታ መዋጥም ይሠራል፤ ይህን ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ ማድረግ ነው። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ደም ተለክቶ መጠኑ ይስተካከላል።

ድምፅዋ በስድስተኛው ወር በከፊል ተመለሰ። ነርቭ ከተለቀቀ በኋላ ለማገገም ወራት ይፈጅበታል፤ ለረጅም ጊዜ የተጨቆነ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል።

5. እየሸጡ ድምፅን ማቆየት

እንቅርት የሌለበት፣ በየቀኑ የሚጮህ ነጋዴ ወይም የታክሲ ረዳት ሲመረመር ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሌላ ነገር ነው፦ ጅማቶቹ እየተጋጩ ጫፋቸው ላይ እንደ እጅ መጅ ትንንሽ እባጭ ይወጣባቸዋል። ይህ ካንሰር አይደለም፤ መጀመሪያ የሚታከመውም አጠቃቀምን በመለወጥ እንጂ በቀዶ ሕክምና አይደለም።

ነጋዴዋም ብትሆን አሁን የምትሠራው እንዲህ ነው። ዋጋውን በካርቶን ላይ በትልቁ ጽፋ ክምሩ ላይ ታቆማለች። መደቧን ከወፍጮ ቤቱ ራቅ አድርጋለች፤ በሞተር ድምፅ ላይ መናገር ሳይታወቅ ያስጮሃል። መጥራቱን ለልጇ ትታለች። ድምፅ ሲደክም ማንሾካሾክ የሚያሳርፍ ይመስላል፤ ጉሮሮን ግን ያስጨንቃል። በዝቅተኛ ድምፅ መናገር ወይም ጨርሶ ዝም ማለት ይሻላል። ጉሮሮን "እህህ" እያሉ ከመጥረግም አንድ ጉንጭ ውኃ መዋጥ ይሻላል። አረቄና የሲጋራ ጭስ ጅማቶቹን ያደርቃሉ።

ልጇስ? ደጋ አገር ዝናቡ አዮዲኑን ከአፈሩ አጥቦ ስለሚወስደው ከእርሻው የሚገኘው ምግብ ይጎድለዋል፤ እንቅርት ቤተሰብ ውስጥ የሚደጋገመው በአብዛኛው ከዚህ ነው። ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በደንብ ተደንግጓል። ሲገዙ አዮዲን ያለው መሆኑ የተጻፈበትን እሽግ ይምረጡ። አይጠቡት፣ ፀሐይ ላይ አያስጡት፣ ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ያኑሩት፣ ወጡ ከምድጃ ሊወርድ ሲል ይጨምሩት። ጨው የአዋቂን የቆየ እንቅርት አያሟሽሽም፤ የሚጠቅመው ከሁሉ በላይ ለልጆችና ለነፍሰ ጡር ነው። የልጅቱን አንገት ለማየት ደግሞ መስታወት ፊት ቀና ብላ አንድ ጉንጭ ውኃ ትዋጥ፤ ከማንቁርቷ በታች ከፍ ዝቅ የሚል እብጠት ከታየ ጤና ጣቢያ ትታይ።