ማሳሰቢያ፦ ፖስታው ከመታሸጉ በፊት

ይህ ማሳሰቢያ በመጀመሪያ የተጻፈው ለዓመታት በሆዳቸው የያዙትን ነገር ለእናትና ለአባታቸው በደብዳቤ ሊያሳውቁ ላሰቡ ልጆች ነው። ነገሩም ወንዱ ልቡ ወደ ወንድ፣ ሴቷም ልቧ ወደ ሴት የሚያደላ መሆኑ ነው። ሰው ስለዚህ ጉዳይ ያለው ሐሳብ የታወቀ ስለሆነ ክርክሩን እዚህ አልከፍተውም። የሚያሳስበኝ ከጣራ ገዳም እስከ ጉና ባለው ደጋ አንድ ወረቀት በማን እጅ እንደሚያልፍ፣ በማን አንደበት እንደሚነበብና ከተነበበ በኋላ ምን እንደሚከተል ነው።

ደብዳቤውን የሚያነበው ማን እንደሆነ ሳታውቁ አትላኩ። በገጠሩ ደብዳቤ ቤት ድረስ የሚያመጣ ፖስተኛ የለም። ከባሕር ዳር የተላከ ወረቀት ወረታ ላይ መኪና ይቀይራል፣ ደብረ ታቦር ይደርሳል፣ ከዚያ ለገበያ በወጣ የአገር ሰው እጅ ወደ ቀበሌው ይገባል። ማንበብ የማይችል አባት ስምንተኛ ክፍል የምትማረውን ልጁን ይጠራል፤ እሷ ከሌለች የጎረቤቱን ተማሪ ወይም ደብተራውን ያስጠራል። ያን ጊዜ ቡና ተፈልቶ ከሆነ ጎረቤት ተሰብስቧል። የሩቅ ልጅ ሰላምታ ሲነበብ ደግሞ ውጡልን የሚል የለም። አንባቢዋ ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ይቆማል፣ «ምን ይላል?» ትባላለች፤ ከዚህ በኋላ ነገሩ የቤተሰብ ምሥጢር መሆኑ አበቃ።

ስለዚህ ወላጆቻችሁ የማያነቡ ከሆነ ደብዳቤው የሚጻፈው በእውነቱ ለእነሱ ሳይሆን ለሚያነብላቸው ሰው ነው። አስቀድሞ የሚያውቅ ታላቅ እህት ወይም ወንድም ካለ፣ በእሱ እጅ ይሂድና እናትና አባት ብቻ ባሉበት ይነበብ። እንዲህ ያለ ሰው ከሌለ በአካል ሄዶ መናገር ይሻላል። ወረቀቱን ይዛችሁ ስትጓዙም በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በየኬላው ሻንጣና ስልክ ሊፈተሽ እንደሚችል አትርሱ። በፎቶ አንስቶ በስልክ መላክማ ጭራሽ አይታሰብ፤ በገጠር ቤት ስልክ የአንድ ሰው አይደለም።

የምታድሩበትና የምትበሉት ሳይኖር አትጻፉ። ተማሪ ሆናችሁ የወር ወጪ ከቤት የሚላክላችሁ ከሆነ፣ በእኔ አስተያየት እስክትመረቁና ደመወዝ እስክትይዙ መቆየት ፍርሃት አይባልም። መታወቂያችሁንና የትምህርት ማስረጃችሁን ከወላጆቻችሁ ሳጥን አስቀድማችሁ አውጡ።

ድርጊትና ስም አትጻፉ። በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 መሠረት በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸም ግብረ ሥጋ በቀላል እስራት ያስቀጣል። ቀላል እስራት ማለት በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው፤ ተከታዩ አንቀጽ የሚዘረዝራቸው ማክበጃዎች ሲኖሩም ቅጣቱ ከዚያ ይበልጣል። አንቀጹ የሚቀጣው ድርጊትን ነው፤ ልብ ወደየት እንደሚያደላ አይጠይቅም። «ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ» የሚል ዓረፍተ ነገርና «ከእገሌ ጋር እንዲህ አደረግን» የሚል ዓረፍተ ነገር በዚህ ሕግ ፊት አንድ አይደሉም። ሁለተኛው በራሳችሁ እጅ የተጻፈ የእምነት ቃል ይሆናል፤ ሌላ ሰውም ይዞ ይወድቃል። ይህን ስል የመጀመሪያው አደጋ የለውም ማለቴ አይደለም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ ቢሮ ይህ ድርጊት ይፈጸምባቸዋል በተባሉ ሆቴሎችና መጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ እየወሰደ መሆኑን ገልጾ ሕዝቡ እንዲጠቁም ጠይቆ ነበር። ጠቋሚ ደግሞ ድርጊትን ከስሜት አይለይም።

ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ጻፉ። ብዙውን ጊዜ ዝምታውን የሚሰብረው የጋብቻ ጉዳይ ነው። አዝመራ ገብቶ ታኅሣሥ ላይ ዘመድ ስለ ልጅ መዳር ያወራል፣ ሰርጉ ለጥር ይቆረጣል። ሽማግሌ ሄዶ ቃል ከታሰረ በኋላ የሚደርስ ደብዳቤ የሚያዋርደው ሁለት ቤት ነው። ከሁሉ የሚብሰው ግን ዝም ብሎ ማግባት ነው፤ ምንም የማታውቅ ልጅ ዕድሜዋን በሌላ ሰው ምሥጢር ውስጥ ታሳልፋለች። ሙሉውን መናገር የማይቻል ከሆነ ግማሹ ደብዳቤ አለ፦ «አላገባም፤ ሽማግሌ አትላኩብኝ፤ ምክንያቱን እግዚአብሔር ሲፈቅድ እነግራችኋለሁ።» ለብዙዎቹ ልጆች ይህ የሚበቃ ይመስለኛል።

ሙሉውን ለመጻፍ ከቆረጣችሁ የአገሩን የደብዳቤ ወግ አትተዉ። በሰላምታ ጀምሩ፣ አጭር ይሁን፣ ስለ መብትም ስለ ውጭ አገርም አትስበኩ። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ይድረስ ለምወዳችሁ አባቴና እናቴ። ለጤናችሁ እንደምን አላችሁ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ብቻችሁን ሆናችሁ ስሙልኝ። ልቤ እንደ ሌሎች ወንዶች ወደ ሴት አይሄድም። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ማንም አላስተማረኝም፤ ማንም በገንዘብ አላታለለኝም። በእናንተ አስተዳደግ የጎደለ ነገር የለም። ዝም ያልኩት እንዳታዝኑ ብዬ ነው። አሁን መልስ አልጠይቃችሁም፤ ለማንም እንዳትነግሩብኝ ብቻ እለምናችኋለሁ።»

«ማንም አላስተማረኝም» የሚለው መስመር ያለ ምክንያት አልገባም። ወላጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው ማን እንዳበላሸው ነው፤ መልሱ ካልተጻፈ ጥርጣሬው አብሮ በተከራየው ጓደኛ ወይም ባስተማረው መምህር ላይ ያርፋል።

«ና ቶሎ ድረስ» የሚል መልስ ሲመጣ ወዲያው አትሂዱ። አክስት ወይም አጎት በስልክ አነጋግሩና የቤቱን ሁኔታ እወቁ፤ መጀመሪያ የምትገናኙትም በሦስተኛ ሰው ቤት፣ በከተማ ይሁን። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሐሳብ ጠበል ነው። በፈቃድ መጠመቅ የእያንዳንዱ ሰው ጉዳይ ነው። አስሮ መውሰድ፣ ቤት ዘግቶ ማቆየትና መደብደብ ግን፣ የሚደረገው በማንም ላይ ይሁን፣ በዚያው የወንጀል ሕግ ወንጀል ነው።

ወላጆችም ይህን ስሙ። ወረቀቱ በተነበበበት ቀን ለጎረቤትም፣ ለማኅበርም አትናገሩ፤ ለነፍስ አባት መንገር ካለባችሁ በንስሐ ሥርዓት፣ ምሥጢር ሆኖ ይሁን። ሐኪም ቤት ልውሰደው ለሚልም፣ የዓለም ጤና ድርጅት ይህን የልብ ዝንባሌ ከበሽታዎች ዝርዝር ያወጣው በ1982 ዓ.ም. ነውና የሚታዘዝ መድኃኒት የለም። ከቤት ማባረር ምን እንደሚያስከትል ግን ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የታተመ የኬትሊን ራያንና የባልደረቦቿ ጥናት፣ በዚህ ምክንያት ቤተሰባቸው ክፉኛ የገፋቸው ወጣቶች ራሳቸውን ለማጥፋት የሞከሩት ብዙም ካልተገፉት ከ8 እጥፍ በላይ መሆኑን አግኝቷል።

«ባላመለክት እኔም እጠየቃለሁ» ብሎ የሚሰጋ አባት አይጠፋም። የወንጀል ሕጉ በጠቅላላው ወንጀልን አለማመልከትን የሚቀጣው ጉዳዩ በሞት ወይም በዕድሜ ልክ እስራት የሚያስቀጣ ሲሆን ነው። አንቀጽ 629 ከእነዚህ አንዱ አይደለም፤ ልጁን አልጠቆመም ተብሎ የሚከሰስ ወላጅ የለም።